ለአራስ ጥየቃ የአውሮፕላን ትኬት መቼ ይቆረጥ?

ልጅዎ ዋሽንግተን አካባቢ ትኖራለች እንበል። በሐምሌ መጀመሪያ ትወልዳለች፤ እርስዎም ሊያርሷት ከሰበታ ተነሥተው ይሄዳሉ። የሽሮውና የበርበሬው ዝግጅት ከወራት በፊት ይጀመራል። የአውሮፕላን ትኬቱ ግን በብዙ ቤት የመጨረሻ ጉዳይ ይሆናል። «ቀኑ ሲቀርብ ይረክሳል» የሚሉም አሉ፤ ማታ ማታ እንደሚረክስ የገበያ ቲማቲም ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የመቀመጫውን አሸጣጥ ማወቅ ያስፈልጋል። በኢኮኖሚ ክፍል ወንበሩም ምግቡም አንድ ነው፤ ዋጋው ግን ልዩ ልዩ ነው። አየር መንገዱ እነዚያኑ ወንበሮች በላቲን ፊደላት በተሰየሙ ደረጃዎች ይከፋፍላቸዋል። ለርካሹ ደረጃ የተመደቡት ጥቂት መቀመጫዎች ሲያልቁ ሽያጩ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ እንዲህ እያለ ሙሉ ዋጋ እስከሚከፈልበት Y እስከተባለው ደረጃ ይደርሳል። በዚህም ላይ ርካሾቹ ደረጃዎች ብዙ ጊዜ «ከጉዞው 14 ወይም 21 ቀን በፊት የሚገዛ» የሚል ደንብ አለባቸው። ያ ቀን ካለፈ አውሮፕላኑ ግማሹ ባዶ ቢሆን እንኳ ርካሹ ዋጋ ይዘጋል። በመጨረሻው ሳምንት የሚመጣው መንገደኛ ለቀብር ወይም ለአስቸኳይ ሥራ የሚሄድ በመሆኑ የተጠየቀውን እንደሚከፍል አየር መንገዶች ያውቃሉ።

እጅግ መቅደምም ቢሆን ሁልጊዜ አያተርፍም። ሽያጭ የሚከፈተው ከጉዞው 11 ወር ገደማ አስቀድሞ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ዋጋ ግን የግድ ዝቅተኛው አይደለም። ጭር ባለ ወቅት ከ2 እስከ 3 ወር፣ በተጨናነቀ ወቅት ከ4 እስከ 6 ወር መቅደም ይበቃል።

የተጨናነቀው ወቅት የትኛው ነው? እዚህ ላይ አቅጣጫውን ይመልከቱ። በሰኔ በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አገር ቤት ይጎርፋሉ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው ግን ቀለል ይላል። በነሐሴ የትምህርት ቤት መከፈቻ ሲደርስ፣ በጥርም ጥምቀት ሲያልፍ እነዚያው ሰዎች ሲመለሱ የእርስዎን አቅጣጫ ይሞሉታል።

አሁን ወደ ቪዛው እንምጣ። የአሜሪካ ኤምባሲ ቪዛ ሳይያዝ ትኬት እንዳይገዛ ይመክራል። በተጨማሪም በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን የጉብኝት ቪዛ ለአንድ መግቢያና ለ3 ወር ብቻ እንዲያገለግል አድርጋለች። እንዲህ ባለ ቪዛ ላይ 6 ወር ቀድሞ መግዛት የሚባለው ምክር አይሠራም። ስለዚህ ቪዛው በእጅዎ እንደገባ በመጀመሪያ የሚያገለግልበትን ቀን ያንብቡ፤ ትኬቱንም በዚያው ሳምንት ይቁረጡ።

ለማስረዳት ያህል ሁለት እናቶችን እናነጻጽር። ሁለቱም ቪዛቸውን በሚያዝያ 20 አግኝተዋል፤ እስከ ሐምሌ 20 ገደማም መግባት አለባቸው። የሰበታዋ እናት በሚያዝያ 25 ለሰኔ 25 ጉዞ ትኬት ቆረጡ፤ ዋጋው 1,150 ዶላር ነው እንበል። የቡራዩዋ እናት «ትንሽ እንጠብቅ» ብለው ሰኔ 14 ላይ ለዚያው በረራ ሲጠይቁ የቀረው ደረጃ 1,700 ዶላር ሆነባቸው። የ7 ሳምንት መጠበቅ 550 ዶላር አስከፈለ። ቪዛው ስለሚያልቅም ርካሽ ቀን እስኪገኝ ጉዞውን ወደ ነሐሴ ለመግፋት አልቻሉም።

የምንዛሪውም ነገር አይዘንጋ። የዓለም አቀፍ በረራ ዋጋ በዶላር ተሰልቶ በዕለቱ ምንዛሪ ወደ ብር ይለወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በዚያን ወቅት ያዘገየ ሰው የዶላር ዋጋው ባይነካ እንኳ በብር እጥፍ ሊጠጋ ከፈለ።

ከልጆች ጋር ለሚጓዙ ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። አራት መቀመጫ በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ፣ በርካሹ ደረጃ የቀረው ሁለት ብቻ ከሆነ መመዝገቢያው ብዙውን ጊዜ አራቱንም ወደ ውዱ ደረጃ ያወጣቸዋል። ርካሹ 1,000፣ ቀጣዩ 1,200 ዶላር ቢሆን አራቱ ባንድነት 4,800 ይሆናሉ፤ ሁለት ሁለት ተደርገው ቢቆረጡ ግን 4,400። ስለዚህ ቆራጩን «በመጀመሪያ የሁለት ሰው ዋጋ አሳየኝ» ይበሉት። ሲከፋፈሉም በእያንዳንዱ ምዝገባ ላይ አንድ አዋቂ ይኑር፤ ሁለቱ ምዝገባዎች እንዲያያዙም ይጠይቁ። የተያዘ ቦታ የክፍያ ሰዓት ገደብ ስላለው ደግሞ ከሱሉልታ ቦሌ ድረስ ወርደው ገንዘብ ለማምጣት ከመመለስ፣ ገንዘቡን በባንክ ወይም በቴሌብር አዘጋጅተው ይሂዱ። ገደቡ ካለፈ ቦታው ይሰረዛል፤ በማግስቱ የሚጠብቅዎም የላይኛው ደረጃ ዋጋ ሊሆን ይችላል።