ሬዚስተሩ ፓናሉ ውስጥ ምን ይሠራል?

ባለፈው ክረምት እህቴ ደወለችልኝ። «የሳሎኑ መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቶ አላርሙ ሁሉም ዝግ ነው ይለኛል» አለች። ስደርስ እውነቷን ነው። መጋረጃው በነፋስ ይወዛወዛል፤ ኪፓዱ ላይ ግን አረንጓዴው መብራት በርቷል። አላርሙን ብትሞላው ይሞላላታል፣ ሌባ ቢገባ ግን ትንፍሽ አይልም።

የፓናሉን ሳጥን ከፈትኩ። የገጠመላት ባለሙያ ሥራው ንጹሕ ይመስላል፤ ሽቦዎቹ ተሰብስበው ታስረዋል፣ በየዞኑ ብሎን ላይም አንዳንድ ሬዚስተር ተደርድሯል። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ማለትም 5.6 ኪሎ ኦም። ችግሩ እሱ ራሱ ነበር። ያ ሬዚስተር የመስመር መጨረሻ ሬዚስተር ይባላል፤ ቦታውም ስሙ እንደሚለው ከመስመሩ መጨረሻ፣ ከመስኮቱ ላይ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ሲቀመጥ የሚጠብቀው ሳጥኑን ብቻ ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። መስኮቱ ላይ ያለው ሪድ ስዊች ትንሽ የብርጭቆ ቱቦ ነው፤ ውስጡ ሁለት ቀጫጭን የብረት ምላሶች አሉ። መስኮቱ ተዘግቶ ማግኔቱ ሲጠጋ ምላሶቹ ይነካካሉ፣ መስመሩም ይገናኛል። መስኮቱ ሲከፈት ማግኔቱ ይርቅና ይለያያሉ። ፓናሉ ምላሶቹን አያይም፤ የሚያየው በሁለት ሽቦዎች መካከል ያለውን የኦም መጠን ብቻ ነው። ሬዚስተሩ መስኮቱ ላይ ከሪድ ስዊቹ ጋር ተከታትሎ ከተገጠመ፣ ዝግ ሲሆን ፓናሉ 5.6 ኪሎ ኦም ያነባል። ሽቦዎቹ መንገድ ላይ ከተነካኩ ንባቡ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ፓናሉም ነገር እንዳለ ያውቃል። ሬዚስተሩ ሳጥኑ ውስጥ ከሆነ ግን ሽቦዎቹ ግድግዳው ውስጥ ቢነካኩም ፓናሉ ያው 5.6 ያነባል። መስኮቱ ተከፈተ አልተከፈተ ለእሱ ለዘላለም ዝግ ነው።

የእህቴ ቤት ላይ የሆነው ይኸው ነበር። የዞኑን ሁለት ሽቦዎች ከብሎኑ ነቅዬ፣ ሬዚስተሩን ለይቼ በቴስተር ለካሁ፤ መስኮቱ ክፍት ሆኖ ከ1 ኦም በታች። ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄጄ ሪድ ስዊቹን ከሽቦዎቹ ፈታሁት። አሁንም ያው ንባብ። ስለዚህ ስዊቹ ነፃ ነው፣ ሽቦዎቹ ግድግዳው ውስጥ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ቀና ብዬ ሳይ የመጋረጃው ዘንግ ማቀፊያ ልክ ከገመዱ መንገድ ላይ ተመትቷል። ምስማሩን ስናወጣው ጫፉ ላይ የመዳብ ጭረት ነበረበት። እህቴ መጋረጃውን ያሰቀለችው ከአምስት ወር በፊት ነው። አምስት ወር ሙሉ በዚያ መስኮት ላይ ጠባቂ አልነበረም።

ገመዱን ከቀየርኩ በኋላ አንድ ሬዚስተር ብቻ ወደ መስኮቱ ማውረድ አልበቃኝም። በአንድ ሬዚስተር ሽቦ ሲቆረጥና መስኮት ሲከፈት ንባቡ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱም መስመሩ ተቋርጧል ማለት ነው። ቀን አላርሙ ሳይሞላ አንድ ሰው ሽቦውን ቢቆርጥ ፓናሉ «መስኮት ከፍተው ይሆናል» ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ሁለት ሬዚስተር አደረግሁ፤ በፓናሉ ማስተካከያ ላይ DEOL የሚባለው ነው። ከፓናሉ የመጣው አንዱ ሽቦ በመጀመሪያው ሬዚስተር በኩል ወደ ሪድ ስዊቹ አንድ እግር ይገባል። ሌላው ሽቦ በቀጥታ ወደ ሌላው እግር ይሄዳል። ሁለተኛው ሬዚስተር የስዊቹን ሁለት እግሮች ያገናኛል። መስኮቱ ሲዘጋ ስዊቹ ሁለተኛውን ሬዚስተር ስለሚያልፈው 5.6 ብቻ ይነበባል። ሲከፈት ሁለቱ ተደምረው 11.2 ይሆናሉ። ሽቦው ከተቆረጠ ንባቡ ማለቂያ የለውም፣ ከተነካካ ዜሮ ነው። አራት የተለያዩ ሁኔታዎች፣ አራት የተለያዩ ንባቦች።

በቮልት ማየት ለሚቀላችሁ፦ ፓናሉ ዞኑን በ12 ቮልትና በራሱ 5.6 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይመግባል ብለን እናስብ። ዝግ ሲሆን በዞኑ ላይ 6 ቮልት፣ ክፍት ሲሆን 8 ቮልት፣ ሲነካካ 0፣ ሲቆረጥ 12 ይሆናል። የእናንተ ፓናል ውስጡ ቢለይም አሠራሩ ይኸው ነው። ፓናሉ 0 ወይም 12 ካየ፣ አላርሙ ባይሞላም እንኳ በቀን ብርሃን «ሽቦዬ ተነካ» ብሎ ያሳውቃል። የሬዚስተሩን መጠን ግን ከመመሪያው እዩ እንጂ ከሰው ሰምታችሁ አትግዙ። 5.6 የዲ.ኤስ.ሲ ፓናሎች የተለመደ መጠን ነው፤ ፓራዶክስ 1 ኪሎ ኦም ይጠቀማል።

ሬዚስተሮቹን በስታኞ በይጄ፣ እያንዳንዱን በላስቲክ ቱቦ ሸፍኜ ስዊቹ ሽፋን ሥር አስገባኋቸው። አጠገቡ ባለ ስካቶላ ውስጥ ብታስቀምጧቸው፣ ከስካቶላው እስከ ስዊቹ ያለችው ጥቂት ሽቦ ሳትጠበቅ ትቀራለች። የስዊቹን እግር ስታጥፉ ደግሞ ከብርጭቆው ጎን በመቆንጠጫ ያዙት፤ አለዚያ ብርጭቆው ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ስዊች ዛሬ ቢሠራም ነገ ሊከዳ ይችላል።

ቀጥሎ ያስቸገረኝ የብረት መስኮቱ ነው። እንደ ብዙው የአዲስ አበባ ቤት መስኮቱም ቴላዮውም ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ የማግኔቱን ጉልበት ወደ ራሱ ይስባል። ካርቶኑ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተጻፈው ስዊች ብረቱ ላይ ስይዘው በ7 ሚሊ ሜትር ለቀቀ። እንዲህ ያለ መስኮት ነፋስ ሲያንቀጠቅጠው በሌሊት ያለ ምክንያት ይጮኻል። ከስዊቹም ከማግኔቱም ሥር 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ቁራጭ አስገባሁ፤ ርቀቱ ወደ 15 ሚሊ ሜትር ተመለሰ። ይህን ርቀት ሬዚስተሮቹን ከመበየዳችሁ በፊት ለኩ። ቴስተሩን ጢጥ የሚለው ላይ አድርጋችሁ መስኮቱን ቀስ ብላችሁ ክፈቱና ድምፁ የቆመበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ።

ሁለት መስኮት በአንድ ዞን ማሰር ያምራል፣ ሽቦም ይቆጥባል። በሁለት ሬዚስተር አሠራር ግን ሁለቱ አንድ ላይ ሲከፈቱ ንባቡ 16.8 ይሆናል፤ ፓናሉ ይህን ክፍት ነው ይበለው ወይም ሽቦ ተነካ ይበለው እርግጠኛ መሆን አይቻልም። እኔ ዞን እስካለ ድረስ ለእያንዳንዱ መስኮት የራሱን እሰጣለሁ።

ይህ ሁሉ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። መስታወቱ ተሰብሮ ክፈፉ ካልተንቀሳቀሰ ሪድ ስዊቹ ምንም አያውቅም። ከውጭ ጠንካራ ማግኔት ያስጠጋም ሊያታልለው ይችላል፤ ስለዚህ ስዊቹን ከውስጥ በኩል፣ ከማጠፊያው ርቆ በእጀታው ጎን አድርጉት።

ስጨርስ እህቴን ኪፓዱ ጋ አቆምኳት። መስኮቱን ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፤ ሁለቱንም በትክክል ነገረችኝ። ቀጥዬ ሁለቱን ሽቦዎች መስኮቱ ጋ በጠመንጃ መፍቻ አነካካኋቸው፣ ከዚያ አንዱን ነቀልኩት። አላርሙ አልተሞላም ነበር። «Tamper ይላል፣ ዞን 3» አለች ሁለቱንም ጊዜ። መጋረጃውን ሦስት ጣት ወደ ግራ አሳልፈን ሰቀልነው።