አራቱ ባዶ እሑዶች

ሸዋ ሮቢት ላይ ማሾ የሚነግድ ጓደኛ አለኝ። እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ይሄዳል። እዚያ በአስተርጓሚ መገበያየት ስለሰለቸው፣ ኅዳር 2017 ሲገባ በቀን ሩብ ሰዓት ኦሮምኛ ሊለማመድ ተነሣ።

መቆጣጠሪያው አንድ የደብተር ገጽ ነው። የእኛ ወር ከጳጉሜን በቀር ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ፣ አንዴ ያሰመሩት ለሁሉም ወር ይሠራል። እሱ ግን ከእሑድ እስከ ቅዳሜ ሰባት ዓምድ አድርጎ አሰመረው፤ ጥቅሙን በኋላ እናያለን። ሩብ ሰዓቱን ከሞላ ኤክስ ያደርጋል። ድካም ሲበረታበት ሦስት ቃል ጮክ ብሎ አንብቦ አንድ ጭረት ይጭራል። ምንም ካልሠራ ሳጥኑን ባዶውን ይተወዋል።

ላለፈ ቀን ሁለት ደንብ አለው። አንደኛው፣ ያለፈው አይከፈልም። ትናንት የቀረ ሩብ ሰዓት በዛሬው ላይ ከተደመረ ግማሽ ይሆናል፤ ዛሬም ካልተመቸ ነገ ሌላ ሩብ ይጨመርበታል። ደብተር የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ዓይነት ዕዳ ሲከመር ነው። ሁለተኛው፣ ከአንድ ባዶ ቀን ማግስት ቢያንስ ጭረቷ ትኑር።

አንድ ቀን ማለፍ ያን ያህል እንደማይጎዳ ለንደን ላይ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በ96 ሰዎች ላይ ለ12 ሳምንት ባደረጉት ጥናት አሳይተዋል። ልማዱ እስኪሰርጽ የሚፈጀውን ጊዜም ከ18 እስከ 254 ቀን ገምተውታል፤ ስለዚህ በ21 ቀን ልማድ ይሆናል የሚባለውን አትመኑ። እርግጥ ያጠኑት ከምሳ ጋር ውኃ እንደመጠጣት ያለ ቀላል ነገር ነው፤ ቋንቋ ከዚህ ይከብዳል።

ኅዳር ሲያልቅ ገጹን አየነው። 17 ኤክስ፣ 6 ጭረት፣ 7 ባዶ። ከባዶዎቹ ሁለቱ፣ 18 እና 19፣ ጭነት ሲያስጭን ያመሸባቸው ናቸው። ሁለተኛው ደንብ ተጥሷል፤ ግን ቅጣት አልጨመረበትም፣ 20 ላይ ጭረቷን ብቻ ጭሮ ቀጠለ። ጭረቱ ከኤክሱ በልጦ ቢሆን ኖሮ ሩብ ሰዓቱ በዝቶበታል ማለት ነበር። አልበለጠም።

የገረመን የእሑዱ ዓምድ ነው፤ ከላይ አንድ ኤክስ፣ ከሥሩ 8፣ 15፣ 22 እና 29 ባዷቸውን ተደርድረዋል። ቀኖቹን በአምስት ዓምድ አስምሮ ቢሆን ተበታትነው አይታዩም ነበር። ስንፍና እንዳይባል፣ ሰውዬው እሑድ ከንጋት እስከ ማታ ኦሮምኛ ሲሰማ ነው የሚውለው! ጥፋቱ የደንቡ ነው፤ ቤት ተቀምጦ ደብተር መግለጥን ብቻ ይቆጥር ነበር።

ስለዚህ የእሑዱን ልምምድ ለወጠው፤ አምስት ሻጭ ዘንድ ቀርቦ ዋጋውን በኦሮምኛ «ሜቃ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ያለ አስተርጓሚ መስማት። ለውጡን የጻፈው ቀኑ ሳይደርስ ዓርብ ማታ ነው፤ ረመዳን ሲገባም ሰዓቱን የሚያዛውረው እንዲሁ አስቀድሞ ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ የተጻፈ ደንብ ሰበብ ይሆናል።

ታኅሣሥ 6 እሑድ ኤክሱን ያደረገው እዚያው ሰንበቴ፣ ደብተሩን የማሾ ጆንያ ላይ ዘርግቶ ነው። አምስተኛው ሻጭ የነገረውን ዋጋ ግን ሁለት ጊዜ አስደግሞታል።