በድንገት የናረ የጉብኝት ቁጥር፤ የትኛው አኃዝ ይታመናል?

በድረ ገጽ የሚሰጥ ትምህርት ለምን ያህል ተማሪዎች እንደ ደረሰ ለማወቅ በመጀመሪያ የሚታየው የጉብኝት ድምር ነው። ይሁን እንጂ ይህ ድምር ትምህርቱን የሚያነበውን ተማሪና ገጹን በራሱ እየከፈተ የሚቀዳውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ሳይለይ ይቆጥራል።

ለምሳሌ ያህል፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በቱሉ ዲምቱ ለሚማሩ ልጆች ስለ ክፍልፋይ የተዘጋጀ አንድ ገጽ በቀን 40 ጊዜ ይከፈት ነበር እንበል። አንድ ማክሰኞ ቁጥሩ 2,640 ይደርሳል። የወሩ ሌሎች 29 ቀናት እንደ ወትሮው ቢሆኑ፣ የወሩ ድምር 3,800፣ የቀኑም አማካይ 127 ገደማ ይሆናል። የመልመጃ ወረቀት በዚህ ልክ የሚያሳትም ዕቅድ አውጪ ከሚያስፈልገው ከሦስት እጥፍ በላይ ያሳትማል። ቀናቱ እንደ ብዛታቸው በቅደም ተከተል ቢደረደሩ ግን መካከለኛው ቁጥር ያው 40 ነው።

ምርመራው የሚጀምረው ከሰዓቱ ነው። የሰርቨሩ መዝገብ ብዙ ጊዜ በግሪንዊች ሰዓት ስለሚያዝ 3 ሰዓት መደመር ያስፈልጋል። ተማሪ በምሽት ያጠናል፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ግን ይተኛል። በዚያ ማክሰኞ በየሰዓቱ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሳይቀር፣ 110 ያህል ጉብኝት ከተመዘገበ እንቅልፍ የማያውቅ ጎብኚ ገብቷል ማለት ነው። መምህር የገጹን አድራሻ በቴሌግራም ሲልክ የሚመጣው እውነተኛ ጭማሪ ግን በአንድ ጊዜ ወጥቶ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይወርዳል።

ቀጥሎ የሚታየው ጎብኚው ምን እንደ ወሰደ ነው። የሰው መቃኛ ገጹን ሲከፍት ሥዕሎቹንም አብሮ ያመጣል፤ ቀዳጅ ፕሮግራም ግን አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉን ብቻ ወስዶ ይሄዳል። ስሙን የማይደብቅም አለ፤ መዝገቡ ላይ `python-requests` ተብሎ ይነበባል። በምሳሌያችን 2,600ው ሥዕል ሳይነኩ ካለፉ፣ 40ው ይቀራሉ።

ብዙዎች የሚቸኩሉት በአድራሻና በአገር ላይ ለመፍረድ ነው። ይህ በእኛ ዘንድ አደገኛ ፍርድ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች ሁሉ በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ ሊወጡ ይችላሉ፤ የተንቀሳቃሽ ስልክ ተጠቃሚዎችም እንዲሁ አንድ አድራሻ ሊጋሩ ይችላሉ። እንደዚሁም ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ መገናኛዎች በተገደቡበት ወቅት ብዙ ሰው ቪፒኤን ይጠቀም ስለ ነበር፣ ቱሉ ዲምቱ የተቀመጠ አንባቢ በመዝገብ ላይ የውጭ አገር ሰው መስሎ ሊታይ ይችል ነበር።

መቃኛን አስመስሎ ሥዕልም የሚያወርድ ፕሮግራም ስላለ፣ የቀሩት 40ም ያለ ጥርጥር ሰዎች ናቸው ማለት አይቻልም። ስለዚህ ተሠርቶ የተመለሰው መልመጃ ለብቻው ይቆጠር። ከ40ው መካከል 12 ተማሪዎች መልስ ልከው መምህሩ ካረመው፣ በሪፖርቱ 12 እንደ ተረጋገጠ፣ 40 እንደ ግምት ይጻፋል። 2,640ውም ከመዝገቡ ሳይሰረዝ፣ የተቀነሰበት ምክንያት በጎኑ ተጽፎ ይቀመጣል።