ከደብረ ሲና በታች መንገዱ ቢቆረጥ

ከደብረ ብርሃን ወደ ወሎ የሚወስደው አውራ ጎዳና የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ደብረ ሲና ይደርሳል፤ ከዚያም እየተጠማዘዘ ወደ ይፋት ቆላ በመውረድ ሸዋ ሮቢትን፣ ቀጥሎም አጣዬን ያገናኛል። ይህ መንገድ አንድ ቦታ ላይ ቢቆረጥ ምን ይሆናል? ጥያቄውን በአንድ ቁጥር አማካይነት እንመርምረው።

ትንንሾቹን ከተሞችና የገጠር መንገዶችን ለቀላልነት ትተን አራቱን ከተሞች አራት ነጥቦች፣ በመካከላቸው ያለውን መንገድ ሦስት መስመሮች እናድርጋቸው። እንዲህ ያለው ሥዕል ግራፍ ይባላል። ከእያንዳንዱ ከተማ የሚነሱትን መስመሮች ብዛት በሰያፍ፣ ለተያያዙ ከተሞች -1፣ ላልተያያዙ 0 ስንጽፍ ላፕላስያን የተባለውን ማትሪክስ እናገኛለን፦

```
 1 -1  0  0
-1  2 -1  0
 0 -1  2 -1
 0  0 -1  1
```

የየረድፉ ድምር 0 ካልሆነ አንድ ቦታ ተሳስተናል ማለት ነው።

ማትሪክሱ የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው። ለየከተማው አንድ ቁጥር ብንሰጥ፣ ከተማው ከጎረቤቶቹ ጋር ያለውን ልዩነት ደምሮ ይመልስልናል። ይህ ውጤት በሁሉም ከተሞች ዘንድ የራሳቸው ቁጥር እኩል ብዜት ሲሆን፣ አባዢውን አይገን እሴት እንለዋለን። ለሁሉም 1 ብንሰጥ ልዩነት ስለሌለ አባዢው 0 ነው። ትንሹ አይገን እሴት ምንጊዜም 0 በመሆኑ ስለ መንገዱ የሚነግረን ነገር የለም። ወሬው ያለው ከሁለተኛው ዘንድ ነው።

በእኛ ግራፍ ሁለተኛው 2-√2፣ ማለትም 0.586 ያህል ነው። የከተሞቹ ቁጥሮችም በቅደም ተከተል 1፣ 0.414፣ -0.414 እና -1 ናቸው። በደብረ ብርሃን ብንፈትነው 1-0.414=0.586 ይሆናል። ምልክቱ የሚለወጠው በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት መካከል ነው፤ ግራፉን ለሁለት እኩል የሚከፍለው መስመር ይኸው ነውና። ማትሪክሱ ግን ገደሉን አላየም፤ መስመሩ መካከል ላይ መዋሉን ብቻ ነው ያወቀው።

አሁን ይህን መስመር እንቁረጠው። ለላይኞቹ ሁለት ከተሞች 1፣ ለታችኞቹ -1 ብንሰጥ በየወገኑ ልዩነት ስለማይኖር ሁለተኛው አይገን እሴትም 0 ይሆናል። የቼኩ የሂሳብ ሊቅ ሚሮስላቭ ፊድለር በ1973 እ.ኤ.አ. ይህን ቁጥር አልጀብራዊ ተያያዥነት ብሎ ሰየመው፤ ከ0 የሚበልጠው ግራፉ የተያያዘ ሲሆን ብቻ ነው።

አንድ ተጨማሪ መንገድ በምናባችን ብንሠራስ? ደብረ ሲናን ከአጣዬ ብናገናኝ ቁጥሩ ወደ 1 ያድጋል፤ ደብረ ብርሃን ግን አሁንም በአንድ መስመር ብቻ ተንጠልጥላ ትቀራለች። ደብረ ብርሃንን ከአጣዬ ብናገናኝ ቀለበት ይፈጠራል፤ ቁጥሩ 2 ይሆናል፤ የትኛውም አንድ መስመር ቢቆረጥ አራቱም እንደተገናኙ ይቆያሉ። የተጨመረው በሁለቱም አንድ መስመር ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ቦታው ነው።

እዚህ ላይ ሁሉንም መስመሮች እኩል መቁጠራችን አይዘንጋ። ዳገቱንና የመኪናውን ብዛት ለማስገባት በ1 ፈንታ ለየመስመሩ ክብደት መስጠት ይገባል፤ ያን ጊዜ ምልክቱ የሚለወጥበት ስፍራም ሊዛወር ይችላል።