ከቢሃር ማሳ እስከ ዓለም መዝገብ፦ የኦፒየም ሣጥን ጉዞ

በሰሜን ሕንድ፣ በጋንጅስ ወንዝ ግራና ቀኝ በተዘረጉት ማሳዎች የካቲት ላይ የፖፒ አበባ ይረግፋል። ግንዱ ጫፍ ላይ የሚቀረው ሎሚ የሚያክል አረንጓዴ ፍሬ ነው። ገበሬው ፀሐዩ በረድ ሲል፣ ሦስት አራት ቀጫጭን ስለቶች በክር የታሰሩበትን መብጫ ይዞ ወደ ማሳው ይገባና ፍሬውን አንድ በአንድ ይበጣል። እጁ መለማመድ አለበት። ስለቱ ጠልቆ የፍሬውን ግድግዳ ከበሳው ወተቱ ወደ ውስጥ ይፈስና ይባክናል፤ በጣም ከሳሳ ደግሞ ምንም አይወጣም። በደንብ ከተበጣ ሌሊቱን እንደ ቁልቋል ያለ ነጭ ወተት ያንጠባጥባል። ያ ወተት እስኪነጋ ድረስ ቡናማ ሆኖ ይረጋል፤ ገበሬውም በማለዳ ተመልሶ በብረት መፋቂያ ይሰበስበዋል። ኦፒየም የሚባለው ይኸው የረጋ ወተት ነው። ያው ፍሬ በየጥቂት ቀኑ ደጋግሞ ይበጣል፤ በመሐል ዝናብ ከጣለ ግን የሌሊቱ ምርት ታጥቦ ይሄዳል።

በዚህ ሙጫ ውስጥ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ የሚሆነው ሞርፊን ነው። የጥንት ግብፆችም ሆኑ ግሪኮች ስሙን ባያውቁትም ሥራውን ያውቁት ነበር፤ ኢብን ሲናም በሕክምና መጽሐፉ ጽፎበታል። ሕመም ያስታግሣል፣ ሳል ያበርዳል፣ አንጀትን ስለሚያዘገይ ተቅማጥ ያቆማል። ለሺህ ዓመታት ከመድኃኒት ቀማሚዎች ሣጥን ያልጠፋው ለዚህ ነው። አደጋውም ከዚያው ይመጣል። ሰውነት ስለሚለምደው መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል፤ ሲቋረጥ ያንቀጠቅጣል፤ መጠኑ ካለፈ ትንፋሽ ያቆማል። በትንሽ በትንሹ፣ በውድ ዋጋ፣ በቀማሚ እጅ እስካለ ድረስ ግን የብዙኃን ጣጣ አልሆነም።

ነገሩን የለወጠው መጀመሪያ ትምባሆ ነው። ከአሜሪካ የመጣው የማጨስ ልማድ ቻይና ሲደርስ ሰዎች ትምባሆን ከኦፒየም ጋር ቀላቅለው ማጨስ ጀመሩ፤ ኋላም ትምባሆውን ትተው ኦፒየሙን ብቻውን በረጅም ጋያ ማጨስ መጣ። የተዋጠ ኦፒየም ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ጢሱ ግን በደቂቃ ውስጥ አእምሮ ዘንድ ይደርሳል። ንጉሠ ነገሥት ዮንግዤንግ እ.ኤ.አ. በ1729 ለማጨሻ የሚውል ኦፒየም እንዳይሸጥ በአዋጅ ከለከለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ጊዜ ወደ ቻይና የሚገባው በዓመት 200 ሣጥን ገደማ ነበር።

ሁለተኛው ለዋጭ የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ነው። እንግሊዞች የቻይናን ሻይ አብዝተው ይጠጡ ነበር፤ ቻይናውያን ግን ከእንግሊዝ ሊገዙት የሚፈልጉት ዕቃ ጥቂት ስለነበር ሻዩ የሚከፈለው በብር ነበር። ኩባንያው ቤንጋልን ከያዘ በኋላ ለዚህ የብር ፍሳሽ መድፈኛ አገኘ። በ1773 የቤንጋልን ኦፒየም በብቸኝነት መቆጣጠር ጀመረ፤ ቆይቶም በፓትናና በጋዚፑር ትልልቅ ፋብሪካዎች አቆመ።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ኋላ የሚመጣው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛልና። ገበሬው ከመዝራቱ በፊት ቅድሚያ ገንዘብ ይሰጠዋል። ገንዘቡን ከወሰደ ምርቱን በሙሉ ኩባንያው በቆረጠው ዋጋ ማስረከብ አለበት፤ ለሌላ መሸጥ ወንጀል ነው። ፋብሪካው በር ላይ መርማሪ ይጠብቀዋል። ጭቃ፣ አሸዋ፣ ስኳር ወይም ዱቄት የቀላቀለ እንደሆነ ይታያል፤ ዱቄት ካለበት አዮዲን ጠብ ሲደረግበት ይጠቁራል። ከዚያ ናሙናው ተመዝኖ በእንፋሎት ይደርቅና እንደገና ይመዘናል። ከመቶው ሰባው ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ሙሉ ዋጋ ይከፈላል፤ ውኃ ከበዛበት ይቀነሳል። ያለፈው ኦፒየም ይድቦለቦልና በራሱ በፖፒው የአበባ ቅጠል ይጠቀለላል፤ እስከ ጣሪያ በሚደርስ መደርደሪያም ላይ ለወራት ይደርቃል። ሻጋታ እንዳይዘው እየዞሩ የሚያገላብጡት ልጆች ናቸው። በመጨረሻ 40 ድብልብል በአንድ የእንጨት ሣጥን ይታሸጋል፤ ሣጥኑ ወደ 63 ኪሎ ይመዝናል። ማኅተሙን ያየ የካንቶን ነጋዴ ሣጥኑን ሳይከፍት ይገዛል።

ኩባንያው ራሱ ግን ቻይና ድረስ አይወስደውም። በካልካታ በጨረታ ይሸጥና እጁን ይሰበስባል። የግል ነጋዴዎች በመርከብ ጭነው ከካንቶን ወንዝ አፍ ላይ ባለችው የሊንቲን ደሴት አጠገብ ያቆሙታል፤ የቻይና ኮንትሮባንዲስቶች ደግሞ ብዙ መቅዘፊያ ባላቸው ፈጣን ጀልባዎች መጥተው በብር ይገዙታል። እያንዳንዱ ሰው ከሰንሰለቱ አንዲት ቀለበት ብቻ ስለሚይዝ ተጠያቂ የሚባል አይገኝም። በ1800 አካባቢ 4,000 ገደማ የነበረው የሣጥን ቁጥር በ1830ዎቹ መጨረሻ ወደ 40,000 ተጠጋ። ብሩም በተገላቢጦሽ ከቻይና ይወጣ ጀመር፤ ግብሩን በብር የሚከፍለው የቻይና ገበሬ ብር ሲወደድ ጫናው በረታበት።

መጋቢት 1839 ላይ ሊን ዘሹ የተባለ ባለሥልጣን ይህን ሊያቆም ካንቶን ገባ። የውጭ ነጋዴዎችን በሰፈራቸው ከበባቸውና ያላቸውን ኦፒየም እንዲያስረክቡ አዘዘ። የእንግሊዝ ተወካይ ቻርልስ ኤሊየት ነጋዴዎቹን፣ “ለእኔ አስረክቡ፣ ዋጋውን መንግሥት ይከፍላችኋል” በሚል ቃል አግባባቸው። ሊን የተረከበው ከ20,000 ሣጥን በላይ ነው። የኤሊየት ቃል ግን የኮንትሮባንድ ኪሣራን የእንግሊዝ ዘውድ ዕዳ አደረገው፤ ለጦርነቱ መንገድ የጠረገው በአብዛኛው ይህ ይመስለኛል።

ሊን ኦፒየሙን አላቃጠለውም። ሲቃጠል ቀልጦ አፈር ውስጥ እንደሚሰርግና ሰዎች አፈሩን ቆፍረው መልሰው እንደሚያወጡት ያውቅ ነበር። ሁመን በተባለ ስፍራ በባሕሩ ዳር ትልልቅ ገንዳዎች አስቆፈረ፤ የጨው ውኃ አስሞላ፤ ድብልብሎቹ ተቆራርጠው እንዲዘፈዘፉ አደረገ፤ ከዚያ ኖራ ተነሰነሰበት። ገንዳው እንደ ጉድ ይፈላ ጀመር፤ ሠራተኞች በረጅም እንጨት ያማስሉታል፤ ማዕበሉ ወደ ኋላ ሲሸሽ በሩ ይከፈትና ወደ ባሕር ይፈስሳል። ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀ። ሊን አስቀድሞ የባሕሩን መንፈስ በጸሎት ይቅርታ ጠየቀ፤ ዓሣዎቹም ለጊዜው ዞር እንዲሉ ለመነ።

የእንግሊዝ የጦር መርከቦች መጡ። በ1842 የናንኪንግ ውል ሲፈረም ቻይና ሆንግ ኮንግን ሰጠች፣ አምስት ወደቦች ከፈተች፣ 21 ሚሊዮን የብር ዶላር ልትከፍል ተስማማች፤ ከዚህ ውስጥ 6 ሚሊዮኑ የተደመሰሰው ኦፒየም ዋጋ ነበር። ከሁለተኛው ጦርነት ጋር ተያይዞ ደግሞ በ1858 ኦፒየም ቀረጥ እየተከፈለበት በሕጋዊ መንገድ እንዲገባ ተደረገ። ካልቀረ ብለው ቻይናውያን ራሳቸው በሲቹዋንና በዩናን በሰፊው ዘሩት፤ ክፍለ ዘመኑ ሳያልቅ የአገር ውስጡ ምርት ከሕንዱ በለጠ። በሕንድም የኦፒየም ገቢ ከመሬት ግብርና ከጨው ቀረጥ ጋር የቅኝ መንግሥቱ ዋና ምሰሶ ሆኖ ነበር። ምሰሶውን የተሸከሙት በመጨረሻዎቹ አሠርት ከሚሊዮን በላይ የሆኑ የገበሬ ቤተሰቦች ናቸው፤ አብዛኞቹም ያገኙት ዋጋ የድካማቸውን አይመልስም ነበር።

ወደ ቁጥጥር የተሄደው ከወደ ፊሊፒንስ ነው። አሜሪካ ደሴቶቹን ከስፔን ስትወስድ የኦፒየም ንግዱንም አብራ ወረሰች። በማኒላ የነበሩት የኤጲስቆጶሳውያን ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ቻርልስ ብሬንት አንድ ነገር አስተዋሉ፦ በአንድ አገር መከልከል ብቻውን ምንም አይፈይድም፤ ዕቃው ከጎረቤት ይመጣልና። ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጻፉ። በየካቲት 1909 በሻንጋይ 13 መንግሥታት ተሰበሰቡ፤ የብሬንት ሰብሳቢነት ግን ከምክረ ሐሳብ ያለፈ አስገዳጅ ነገር አላስገኘም። አስገዳጁ ውል በ1912 በሄግ ተፈረመ። ይሁንና ሞርፊን በብዛት ታመርት የነበረችው ጀርመን “ሁሉም አገር ካልገባበት እኔ ብቻዬን አልታሰርም” የሚል አቋም ስለያዘች ውሉ ለዓመታት ተንጠልጥሎ ቆየ። የፈታው የዓለም ጦርነት ነው። የቬርሳይ የሰላም ውል አንቀጽ 295፣ የሰላሙን ውል ያጸደቀ ሁሉ የሄግንም እንዳጸደቀ ይቆጠራል አለ። ተሸናፊዎቹም ምርጫ አልነበራቸውም።

የጀርመን ሥጋት ግን ባዶ አልነበረም። ዘመኑ የረጋ ወተት ብቻ የሚነገድበት አልነበረም። ፍሪድሪክ ሰርቱርነር ሞርፊንን ከኦፒየም ለይቶ አውጥቷል፤ መርፌ ተፈልስፏል፤ የባየር ኩባንያ በ1898 ሄሮይንን የሳል መድኃኒት ብሎ ለገበያ አቅርቧል። በ1920ዎቹ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ሕክምና ከሚፈልገው አስበልጠው ያመርቱና ትርፉ በኋላ በር ይወጣ ነበር። ማሳውን ብቻ መጠበቅ ስለማይበቃ በ1925 በጄኔቫ ሌላ ብልሃት ተቀየሰ፦ ወረቀት። ገዢው አገር ፈቃድ ካልሰጠ ሻጩ አገር እንዳይልክ ተደነገገ። በ1931 ደግሞ እያንዳንዱ አገር ለዓመቱ የሚያስፈልገውን መጠን አስቀድሞ እንዲያሳውቅ ተደረገ። እነዚህን ሁሉ በ1961 አንድ ያደረገው የናርኮቲክ መድኃኒቶች ነጠላ ስምምነት ነው፤ እስካሁንም የሚሠራበት።

አንድ የኢትዮጵያ ሆስፒታል የካንሰር ሕመምተኛ የሚታገሥበት ሞርፊን ሲያዝ የሚሆነው ይህ ነው። አገሪቱ የዓመቱን ፍላጎቷን በቪየና ለሚገኘው ዓለም አቀፍ የናርኮቲክስ ቁጥጥር ቦርድ አስቀድማ አሳውቃለች። የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የማስገቢያ ፈቃድ ይጽፋል፤ የላኪው አገር መሥሪያ ቤት ያንን አይቶ የመላኪያ ፈቃድ ይሰጣል፤ ቅጂው ከዕቃው ጋር ይጓዛል፤ ዕቃው ሲደርስም ስንት እንደገባ ተጽፎበት ወደ ላኪው ይመለሳል። ቦርዱ የሁለቱን አገሮች ቁጥር ያስተያያል። አንዱ ላክሁ ያለውና ሌላው ተቀበልሁ ያለው ካልገጠመ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

ይህ ዘዴ የተሠራው ትርፉን ለማየት ነው፤ ጉድለቱን ለማየት ግን ዓይኑ ደካማ ነው። ስምምነቱ ራሱ በመግቢያው ሕመምን ለማስታገሥ እነዚህ መድኃኒቶች የግድ እንደሚያስፈልጉ ይመሰክራል። ነገር ግን ያለፈውን ዓመት ትንሽ ቁጥር ደግሞ የሚያስመዘግብ አገር፣ ቅጣትና የወረቀት ሥራ ፈርቶ ሞርፊን የማያዝ ሐኪም፣ መድኃኒቱን መያዝ የማይፈልግ ፋርማሲ በመዝገቡ ላይ ጥፋተኛ ሆነው አይታዩም። ቁጥራቸው ይገጥማል። ተጨማሪ ፍላጎት በዓመቱ መሐል ማስመዝገብ ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠይቅ የለም እንጂ። ስለዚህ የዓለም ሞርፊን አብዛኛው በጥቂት ሀብታም አገሮች ያልቃል፤ በሌላው ዓለም አልጋ ላይ የሚያቃስተውን ሰው የሚቆጥር ዓምድ ቅጹ ላይ የለም።

የጋዚፑር ፋብሪካ ዛሬም ይሠራል፤ ባለቤቱ የሕንድ መንግሥት ነው። ሕንድ ሕጋዊ የኦፒየም ሙጫ ወደ ውጭ የምትሸጥ ብቸኛ አገር ናት። ገበሬው የሚዘራበትን ቦታ ስፋት የሚወስንለት ፈቃድ በየዓመቱ ይሰጠዋል፤ ያስረከበው ሞርፊን ከተቆረጠው መጠን ካነሰ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። ከሰዓት በኋላ ይበጣል፣ በማለዳ ይፍቃል፣ ከዚያም ወደ ሚዛኑ ይወስደዋል። ክፍያው የሚሰላው አሁንም ከመቶው ሰባው ደረቅ በሆነ ኦፒየም ነው።