ነጩ ሁሉ ቲቢ አይደለም፦ በስልክ የተነሣ የደረት ራጅ እንዴት ይታያል

የደረት ራጅ ጥላ ነው። ጨረሩ በታካሚው ጀርባ ገብቶ በደረቱ በኩል ይወጣና ፊት ለፊቱ ባለው ሰሌዳ ላይ ያርፋል። በመንገዱ ያገኘው ነገር በጠጠረ ቁጥር ወደ ሰሌዳው የሚደርሰው ጨረር ይቀንሳል፣ ቦታውም ነጭ ሆኖ ይቀራል። አየር የሞላው ሳንባ ስለዚህ ይጠቁራል፤ አጥንት ይነጣል፤ ብረት ከሁሉም ይብሳል። ውሃ፣ ደም፣ መግልና ሥጋ ግን በዚህ ጥላ ላይ መልካቸው አንድ ነው። ራጅን በማየት ብቻ በሽታ መሰየም የማይቻልበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው፤ ነጩ ነገር በቦታው አየር እንደሌለ ይናገራል እንጂ አየሩን የተካው ምን እንደሆነ አይናገርም።

በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች ራጅ ተነሥቶ የተመለሰ ሰው ፊልሙን በቤቱ መስኮት ላይ ለጥፎ በስልክ ያነሣዋል፤ ከዚያም ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ላለ ዘመድ በቴሌግራም ይልከዋል። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ፎቶው በሰከንድ ይደርሳል፣ ሰውየው ግን የአውቶቡስ ዋጋና የአዳር ቤት ይፈልጋል። ልማዱ ነውር የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ፎቶው ከሚችለው በላይ ሲጠየቅ ነው።

አንድ ታካሚ ራሱ አይቶ የሚለየው ነገር አለ። መጀመሪያ ስሙንና ቀኑን ያንብብ፤ ራጅ ክፍል በሚጨናነቅበት ቀን የሌላ ሰው ፊልም ይዞ መውጣት ያጋጥማል። ቀጥሎ ጥግ ላይ ያለችውን የእንግሊዝኛ ፊደል ይፈልግ፤ “አር” የታካሚው ቀኝ ናት፣ “ኤል” ግራው። ፊልም የሚታየው ሐኪሙ ከታካሚው ፊት ለፊት እንደቆመ ተደርጎ ስለሆነ የታካሚው ልብ በተመልካቹ ቀኝ በኩል ያዘነብላል። ፊልሙ ተገልብጦ ከተነሣ ልቡ በተሳሳተ ጎን ይታያል። ልባቸው በእርግጥ በቀኝ በኩል የሆነ ሰዎች አሉ፣ ነገር ግን እጅግ ጥቂት ናቸው፤ “ልቤ ዞሯል” ብሎ ከመደንገጥ በፊት ፊደሏን ማየት ይበጃል።

ከዚያ በታች ያለው ቀላል ነው። ሁለቱ ጥቁር ሜዳዎች ሳንባዎች ናቸው። ከሥራቸው እንደ ጉልላት የተቀለሱት የድያፍራም መስመሮች ሲሆኑ የቀኙ ከሥሩ ጉበት ስላለ ብዙ ጊዜ ትንሽ ከፍ ይላል። በግራው ሥር የሚታየው ጥቁር ፊኛ የጨጓራ አየር ነው፣ በሽታ አይደለም። ቆሞ፣ ጀርባውን ለመሣሪያው ሰጥቶና ትንፋሹን በደንብ ስቦ በተነሣ አዋቂ ሰው ላይ የልብ ስፋት ከደረቱ የውስጥ ስፋት ግማሽ አይበልጥም። ተኝቶ የተነሣ ወይም ትንፋሹን በደንብ ያልሳበ ሰው ግን ጤነኛ ልቡ ትልቅ ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ ይህን መለኪያ ይዞ በስልክ ላይ መፍረድ አይቻልም።

ብዙ ሰው የማያውቀውና ብዙ ስሕተት የሚወልደው የሹሩባ ጉዳይ ነው። የሳንባ ነቀርሳ በአዋቂ ሰው ላይ አብዝቶ የሚጎዳው የሳንባውን ጫፍ፣ ከአንገት ሥር ካሉት ሁለት አግድም አጥንቶች በላይና በታች ያለውን ክፍል ነው፤ በዚያ ቦታ ኦክስጅን ስለሚበዛ ባክቴሪያው ይመቸዋል። የተጎነጎነ ወፍራም ፀጉር ደግሞ በአንገትና በትከሻ ላይ ሲወድቅ ጥላው የሚያርፈው ልክ እዚያው ቦታ ላይ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ጉንጉን በፊልሙ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ጭረት ወይም ደመና የመሰለ ንጣት ያሳያል፤ ያላወቀ ሰው “ጫፉ ተበልቷል” ይላል። መለያው ቀላል ነው። የሳንባ በሽታ ከሳንባው ወሰን አይወጣም፤ የፀጉር ጥላ ግን ወሰኑን አልፎ ወደ አንገቱ ሽቅብ ይቀጥላል። ጥርጣሬው ካልለቀቀ ፀጉሩ ወደ ላይ ተጠቅልሎ እንደገና ይነሣል፤ ጥላው ከጠፋ ነገሩ አለቀ። ፎቶ አንሺው የአንገቱን ጫፍ ከቆረጠው ግን ጭረቱ የት እንደሚሄድ አይታይም፤ በዚህች ምክንያት ብቻ ፎቶው ዋጋ ያጣል።

በደረት ላይ የተንጠለጠለ ክታብም አራት ማዕዘን ግራጫ ጥላ ይጥላል፤ የብረት መስቀልና ሐብልማ ጎልተው ይታያሉ። የራጅ ባለሙያው “ሁሉንም አውልቁ” ሲል የሚከፋቸው አሉ፤ ጋቢውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ለመግባት የሚከራከሩም አይጠፉም። ባለሙያው እምነት እየነካ አይደለም፤ ጥላ እየቀነሰ ነው።

አሁን ወደ ፎቶው። ፊልም ከጥቁር እስከ ነጭ ድረስ እጅግ ብዙ የግራጫ እርከኖች አሉት፤ ሐኪሙም በብርሃን ሳጥን ላይ አድርጎ አንዱን ከሌላው ይለያል። የስልክ ካሜራ ግን ብርሃኑን በራሱ ይመጥናል። በፊልሙ ዙሪያ ያለው መስኮት ፀሐይ ከመታው ካሜራው ሁሉንም ያጠቁራል፤ የሳንባው ስስ ደመናም በጥቁሩ ውስጥ ይሰምጣል። ብርሃኑን ለማስተካከል በስልኩ ማያ ላይ ሳንባው በጣት ሲነካ ደግሞ ምስሉ ይፈካና አጥንትና ልብ አንድ ነጭ ጨርቅ ይሆናሉ። ከልብ ጀርባ የተደበቀው የሳንባ ክፍል በዚህ ጊዜ ጨርሶ ይጠፋል። ፍላሽ በርቶ ከሆነ ይባስ፤ የብልጭታው ነጸብራቅ ክብ ነጭ ነጥብ ሆኖ ሳንባው መካከል ይቀመጥና “እጢ” ይባላል። የግድ ፎቶ መላክ ካስፈለገ የክፍሉ መብራት ይጥፋ፣ ፍላሹም ይዘጋ፤ ፊልሙ በብርሃን ሳጥን ላይ አራቱም ማዕዘን እስኪታይ ድረስ ከፊት ለፊት ይነሣ። በሲዲ የተሰጠ ከሆነ ፎቶ ማንሣት ትርፍ ድካም ነው፤ ፋይሉ ራሱ ይላክ። ስምና ዕድሜ የተጻፈበትን ምስል ብዙ ሰው ባለበት የቴሌግራም ቡድን ላይ መበተን ደግሞ የታካሚውን ምሥጢር አደባባይ ማውጣት ነው።

ምስሉ ጥርት ቢል እንኳ ሐኪም ለምን ያስፈልጋል? ለማስረዳት የተቀናበረ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ከዳባት ገጠር የመጣች የ27 ዓመት ሴት ሁለት ወር ሳል አላት፤ አክታዋ አልፎ አልፎ ደም ይነካዋል፤ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ከስታለች። የራጇ ፎቶ በሁለቱም ሳንባዎች መካከለኛና ታችኛ ክፍል ደመና ያሳያል። ፎቶውን ያየ ሁሉ “ቲቢ ነው” አለ፤ ሳል፣ ደምና ክሳት ከተገኙ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ሐኪሙ ከፊልሙ በፊት ሌሎች ነገሮችን ይጠይቃል። ማታ ስትተኛ ትራስ ትደራርባለች? አዎ፣ ካልሆነ ያፍናታል። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ታማ ጉልበትና ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ያውቃል? አዎ። ማዳመጫውን በግራ ጡቷ ሥር ሲያሳርፍ ከልብ ምቱ ጋር የሚንደረደር ተጨማሪ ድምፅ ይሰማል። አሁን ወደ ፊልሙ ሲመለስ የሚያየው ሌላ ነው፤ ሰው ሁሉ ሳንባውን ሲያይ እሱ የልቡን ጠርዝ ያያል። ጎድጎድ ማለት የነበረበት የግራ ጠርዝ ቀጥ ብሏል፤ በቀኝ በኩልም ከአንዱ ጥላ ጀርባ ሌላ ጥላ ተደርቧል። የልቡ የግራ የላይኛ ክፍል አብጧል ማለት ነው። የአክታ ምርመራው ቲቢ አላሳየም። በልብ አልትራሳውንድ ሲታይ በግራዎቹ ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ያለው ቫልቭ ጠብቦ ተገኘ። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የሚመጣው ይህ የልብ በሽታ በኢትዮጵያ ወጣቶች ላይ ብዙ ጊዜ ይታያል። ደም በጠበበው በር ማለፍ ሲያቅተው ወደ ሳንባ ይገፋል፤ የሳንባ ሥሮች ይወጠራሉ፣ ውሃ ያዣሉ፣ ይደማሉም። ደመናው ውሃ ነበር። ይህች ሴት የስድስት ወር የቲቢ መድኃኒት ብትጀምር ልቧ እየደከመ ይሄድ ነበር፤ የሚያስፈልጋት ውሃውን የሚቀንስ መድኃኒት፣ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌና የልብ ስፔሻሊስት ክትትል ነው።

ተቃራኒውም አለ። ፊልሙ ንጹሕ ሆኖ ሰውየው ሊታመም ይችላል። አስም በራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። ለዓመታት በእንጨትና በኩበት ጭስ ውስጥ እንጀራ ስትጋግር የኖረች እናት ትንፋሽ እያጠራት ራጇ ደህና ሊመስል ይችላል። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ቲቢ ይዞት ፊልሙ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። “ራጁ ነፃ ነው” ማለት “ታካሚው ነፃ ነው” ማለት አይደለም። ሲቲ ስካን ብዙ ዝርዝር ያሳያል፣ ጨረሩ ግን ከአንድ የደረት ራጅ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ እሱም ቢሆን ጥላ እንጂ የባክቴሪያ ስም አይሰጥም። ቲቢን የሚያረጋግጠው አክታ ነው፤ ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ በሁለት ሰዓት ያህል ውስጥ ባክቴሪያው መኖሩን ይለያል፣ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት መቋቋም አለመቋቋሙንም ይናገራል።

የዳነ ቲቢ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠባሳ ትቶ ይሄዳል። ጠባሳው ዕድሜ ልክ ነጭ ሆኖ ስለሚኖር በየጊዜው የሚነሣው ፊልም ሁሉ የታመመ ይመስላል። ጠባሳን ከአዲስ ሕመም ለመለየት ከሁሉ የሚረዳው የድሮው ፊልም ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ተይዘው ነጩ ነገር ለዓመታት ካልተለወጠ ሐኪሙ ጠባሳ ወደማለት ያዘነብላል፣ ከሰፋ ወይም አዲስ ከተጨመረ ምርመራ ያዝዛል። ብዙ ሰው ግን ይህን ፊልም ጠቅልሎ ምድጃ አጠገብ ባለ ግድግዳ ላይ ይሰካዋል፤ ጭሱና ጭረቱ ያበላሸዋል። ሳይታጠፍ በፖስታው ውስጥ ቢቀመጥና በየሕክምናው ቀን አብሮ ቢመጣ ከማንኛውም ፎቶ ይሻላል።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለው ሰው ፎቶ የሚያይለት እስኪያገኝ መጠበቅ የለበትም፤ በቅርቡ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር። የቲቢ ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል።