የአሉቶ ሦስተኛው ጉድጓድ

ላንጋኖ ዳርቻ ፍል ውሃ ሲንፎለፎል ያየ ሰው «እንፋሎቱ እዚሁ ሥር ነው» ቢል አይፈረድበትም። በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል በሚገኘው የአሉቶ እሳተ ገሞራ ጥልቅ ቁፋሮ የተጀመረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉድጓዶች ከተራራው እምብርት ራቅ ብለው ተቆፈሩ። ከ1,000 ሜትር በላይ ቢወርዱም ያገኙት ሙቀት 100 ዲግሪ ገደማ ነበር። ሦስተኛው ወደ እምብርቱ ሲጠጋ ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ አለፈ።

ውሃው የሚግለው ከተራራው ሥር ነው። በስምጥ ሸለቆው ስንጥቆች ሽቅብ ይወጣና ወደ ጎን ይፈሳል፤ ሐይቁ ዳር ሲደርስ መንገድ ላይ ቀዝቅዟል። ስለዚህ ፍል ውሃው መኖሩን እንጂ ምንጩን አያሳይም። ባለሙያዎች ምንጩን የሚፈልጉት የድንጋዩን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም በመለካት ነው። ትኩስ ውሃ ከላይ ያለውን ድንጋይ ወደ ሸክላ ይለውጠዋል፤ ሸክላም ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያሳልፋል። የሚፈለገው ሙቀት ያለው ከዚህ የሸክላ ክዳን በታች ነው።

ቁፋሮው ሲጀመር መሰርሰሪያው የፈጨው ድንጋይ ከጭቃ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ላይ ይመጣል። የሥነ ምድር ባለሙያው አጥቦ በማጉያ መነጽር ያየዋል። ኤፒዶት የተባለው አረንጓዴ ማዕድን ከታየ ድንጋዩ 250 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ቀምሷል ማለት ነው። ግን መቼ? ማዕድኑ ከቀዘቀዘ በኋላም እዚያው ስለሚቀር በቴርሞሜትር ሳይረጋገጥ አይታመንም። ወደ ታች የተላከው ጭቃ ሳይመለስ ሲቀር ደግሞ ቆፋሪዎቹ ሁለት ስሜት ይሰማቸዋል። መሰርሰሪያው ሊያዝ ይችላልና ይሰጋሉ፤ ስንጥቅ አግኝተዋልና ደስ ይላቸዋል። የላይኛው ክፍል በብረት ቧንቧና በሲሚንቶ ይታሸጋል፤ ታች፣ ስንጥቁ ባለበት፣ ቀዳዳ ያለው ቧንቧ ይገባል።

በ1998 ሥራ የጀመረው 7.3 ሜጋ ዋት የሙከራ ጣቢያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቆሞ ነበር። እንዲህ ያለ ጣቢያ ሲዳከም መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ነው፤ የላይኛው መሣሪያ፣ ጉድጓዱ ወይስ የከርሰ ምድሩ ውሃ? በጀበና ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ዝቃጭ ሁሉ፣ ውሃው ሽቅብ ሲወጣ ፈልቶ ጋዙን ሲለቅ ኖራ በቧንቧው ውስጥ ይጋገራል። ያኔ የአንዱ ጉድጓድ ግፊት ብቻ ይወርዳል፤ ወደ ታች የተላከ መለኪያም መንገድ ላይ ይቆማል። የሁሉም ጉድጓዶች ግፊት አብሮ ከወረደ ግን እየተሟጠጠ ያለው ማጠራቀሚያው ራሱ ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ሙቀቱ የተወሰደበትን ውሃ መልሶ ወደ ምድር መስደድ ነው፤ በአሉቶ ለዚህ የተመደበው ሰባተኛው ጉድጓድ ነው። ቦታው ግን ጥንቃቄ ይሻል። አንድ ስንጥቅ ሁለቱን ጉድጓዶች በቀጥታ ካገናኘ፣ የተመለሰው ውሃ ሳይሞቅ ደርሶ አምራቹን ጉድጓድ ያቀዘቅዘዋል። ይህን ለማወቅ በሚመለሰው ውሃ ላይ ቀለም ይጨመርና ከአምራቾቹ ጉድጓዶች በየጊዜው ናሙና ይቀዳል። ቀለሙ በቀናት ውስጥ ብቅ ካለ መንገዱ አጭር ነው፤ ውሃውን ራቅ ወዳለ ጉድጓድ ማዞር ያስፈልጋል።